የማሽን ሰዓትና ኦቨርሄድ፦ ስለ ሊስት ስኩዌርስ ሪግረሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በፋብሪካ የኮስት ክፍል ለሚሠሩ ባለሙያዎችና የማኔጅመንት አካውንቲንግ ትምህርት ለሚከታተሉ ተማሪዎች የተዘጋጁ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ምሳሌ ላይ ነው፤ ምሳሌው ጄሪካን የሚያመርት አነስተኛ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሲሆን ቁጥሮቹ ለማብራሪያ ተብለው የተሰናዱ ናቸው።

## ዘዴው የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው?

የፋብሪካ ኦቨርሄድ በሌጀር ላይ የሚታየው እንደ አንድ ድምር ነው። በውስጡ የሱፐርቫይዘሮች ደመወዝ፣ የማሽኖች የእርጅና ተቀናሽ፣ የጥበቃ፣ የመብራት፣ የቅባትና የጥገና ወጪዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም በየወሩ ይከፈላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ይጨምራሉ። ዘዴው የየወሩን የማሽን ሰዓትና የየወሩን ጠቅላላ ኦቨርሄድ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ድምሩን በወር ቋሚ ወደሆነ መጠንና በአንድ የማሽን ሰዓት ወደሚጨምር መጠን ይከፍለዋል። ውጤቱ Y = a + bX በሚል ቀመር ይጻፋል፤ Y የወሩ ኦቨርሄድ፣ X የወሩ የማሽን ሰዓት፣ a ቋሚው ክፍል፣ b ደግሞ ተለዋዋጩ የሰዓት ተመን ነው።

## መረጃው ምን መምሰል አለበት?

ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ቁጥር ብቻ ያስፈልጋል። የማሽን ሰዓቱ ከምርት ክፍል የማሽን ሎግ፣ ኦቨርሄዱ ከሌጀር ይወሰዳል። የፋብሪካችን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለው የበጀት ዓመት መረጃ የሚከተለው ነው።

| ወር | የማሽን ሰዓት | ኦቨርሄድ (በሺህ ብር) |
|---|---|---|
| ሐምሌ | 380 | 278 |
| ነሐሴ (ጳጉሜን ጨምሮ) | 560 | 316 |
| መስከረም | 420 | 285 |
| ጥቅምት | 500 | 310 |
| ኅዳር | 540 | 312 |
| ታኅሣሥ | 580 | 327 |
| ጥር | 480 | 295 |
| የካቲት | 520 | 312 |
| መጋቢት | 600 | 329 |
| ሚያዝያ | 460 | 300 |
| ግንቦት | 560 | 322 |
| ሰኔ | 400 | 347 |

ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይን ያየ አንባቢ የመጨረሻው መስመር ላይ ሳይቆም አይቀርም። ሆኖም ብዙዎች እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንዳሉ እናስላቸው፤ ምን እንደሚፈጠር ማየቱ ጠቃሚ ነው።

## ስሌቱ በእጅ እንዴት ይሠራል?

አራት ድምሮች ይበቃሉ። የሰዓቱ ድምር 6,000፣ የኦቨርሄዱ ድምር 3,733፣ የሁለቱ ብዜት ድምር 1,873,800፣ የሰዓቱ ካሬ ድምር ደግሞ 3,058,400 ነው። ከዚያ በቀመሩ ውስጥ ማስገባት ነው፦

```
b = (nΣXY − ΣXΣY) / (nΣX² − (ΣX)²)
  = (12×1,873,800 − 6,000×3,733) / (12×3,058,400 − 6,000²)
  = 87,600 / 700,800
  = 0.125

a = (ΣY − bΣX) / n
  = (3,733 − 0.125×6,000) / 12
  = 248.583
```

ኦቨርሄዱ በሺህ ብር ስለተጻፈ ውጤቱ በአንድ የማሽን ሰዓት 125 ብር፣ በወር ደግሞ 248,583 ብር ቋሚ ወጪ ማለት ነው። በእጅ የሚያሰላ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። በክፍልፋዩ ላይም ታችም የሚቀናነሱት ቁጥሮች እጅግ ትላልቅና እርስ በርስ የሚቀራረቡ በመሆናቸው፣ ድምሮቹን በመሃል ማጠጋጋት ትንሽ መስሎ ታይቶ b ን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። ማጠጋጋት የሚፈቀደው መልሱ ላይ ብቻ ነው።

## ሂሳቡ ትክክል ከሆነ 125 ብሩን ማመን እችላለሁ?

አይቻልም፤ ምክንያቱም ሂሳቡ ትክክል ቢሆንም የተሰጠው መረጃ አንድ ቦታ ላይ ከማሽን ሰዓቱ ጋር የማይገናኝ ነገር ይዟል። ይህን ለማየት ለእያንዳንዱ ወር መስመሩ የሚገምተውን ከትክክለኛው ኦቨርሄድ ቀንሶ ልዩነቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ሐምሌ ከመስመሩ በ18,000 ብር ገደማ፣ መስከረም ደግሞ በ16,000 ብር ገደማ በታች ናቸው። ሰኔ ግን ከመስመሩ በላይ በ48,000 ብር ገደማ ይርቃል። ሦስቱም ሥራ የቀዘቀዘባቸው ወራት ሆነው ሁለቱ ወደ ታች፣ አንዱ ብቻውን ርቆ ወደ ላይ መሄዱ፣ መስመሩ የማንኛቸውንም ሁኔታ እንደማይገልጽ ይናገራል።

ቫውቸሮቹ ሲገለጡ የሰኔ ወር ኦቨርሄድ ውስጥ 73,000 ብር የዓመታዊ ሙሉ ጥገና ወጪ ይገኛል። ጥገናው በሰኔ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትእዛዝ ሲቀንስ ማሽኑን ለመፍታት ጊዜ ይገኛል። ይህ በየፋብሪካው የሚደጋገም ነገር ነው፤ ትልቅ ጥገና የሚታቀደው ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት ወቅት ስለሆነ ከፍተኛው ወጪ ከዝቅተኛው ሰዓት ጋር በአንድ ረድፍ ላይ ይገኛል። ወጪውን ያስከተለው ዓመቱን ሙሉ የተሠራው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሌጀሩ ግን ማሽኑ ባረፈበት ወር ይመዘግበዋል። ሪግረሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው ሰዓት ሲቀንስ ወጪ የጨመረበት ወር መኖሩን ብቻ ነው፤ በዚህም ተለዋዋጩን ተመን ወደ ታች፣ ቋሚውን ወጪ ወደ ላይ ይገፋል።

## አንድ ወር ብቻ ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ?

ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዘዴው ስም ራሱ የሚናገረው ካሬ ነው፤ መስመሩ የሚመረጠው ከእያንዳንዱ ወር ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ ከሁሉም መስመሮች ያነሰ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ስለዚህ የ10,000 ብር ርቀት ከ5,000 ብር ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይከብዳል። በእኛ ምሳሌ በሺህ ብር ሲሰላ የካሬዎቹ ጠቅላላ ድምር 3,254 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 2,344ው የሰኔ ብቻ ነው፤ የቀሩት አሥራ አንድ ወራት በአንድነት 910 ብቻ ይዘዋል።

ሁለተኛው የሰኔ ቦታ ነው። የዓመቱ አማካይ 500 ሰዓት ሲሆን ሰኔ በ100 ሰዓት ከዚያ በታች ነው። ያው 73,000 ብር በጥቅምት፣ ማለትም ልክ በ500 ሰዓት ላይ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ መስመሩን እንዳለ ወደ ላይ ያነሳው ነበር እንጂ b አንድ ሳንቲም አይለወጥም ነበር። ከአማካዩ የራቀ ወር መስመሩን የማዘንበል አቅም አለው፤ አማካዩ ላይ ያለ ወር ግን የለውም። ስለዚህ አንድን ያልተለመደ ወጪ ስታዩ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የወደቀበትን ወር የማሽን ሰዓትም ተመልከቱ።

## ታዲያ ሰኔን ከመረጃው ላውጣው?

ወሩን አታውጡት፤ ወጪውን አውጡት። የጥገናው 73,000 ብር ከሰኔ ሲቀነስ የወሩ ኦቨርሄድ 274,000 ብር ይሆናል። በዚህ መረጃ ስሌቱ ሲደገም የኦቨርሄዱ ድምር 3,660፣ የብዜቱ ድምር 1,844,600 ይሆናል፦

```
b = (12×1,844,600 − 6,000×3,660) / 700,800
  = 175,200 / 700,800
  = 0.25

a = (3,660 − 0.25×6,000) / 12 = 180
```

ተለዋዋጩ ተመን ከ125 ብር ወደ 250 ብር ወጣ፤ ቋሚው ወጪ ደግሞ ከ248,583 ብር ወደ 180,000 ብር ወረደ። አንድ ቫውቸር ተመኑን በግማሽ ቀንሶት ነበር ማለት ነው።

ሰኔን ከነጭራሹ የሚሰርዝ ሰው በአሥራ አንዱ ወራት 236 ብር ገደማ የሰዓት ተመንና 187,600 ብር ገደማ ቋሚ ወጪ ያገኛል። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ቢሆንም፣ በዝቅተኛ ሰዓት ላይ ከሚገኙት ጥቂት ወራት አንዱን ያለ ጥፋቱ መጣል ነው፤ የሰኔ ደመወዝ፣ መብራትና ቅባት ትክክለኛ መረጃ ናቸው። ወሩን ሙሉ ማውጣት ተገቢ የሚሆነው ያልተለመደው ነገር በብር ተለይቶ ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ፋብሪካው ግማሹን ወር በመብራት መቋረጥ ምክንያት በጄኔሬተር ሠርቶ የነዳጁ ወጪ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ከተመዘገበ።

የወጣው 73,000 ብር ግን መጥፋት የለበትም። ጥገናው በሚቀጥለውም ዓመት ይኖራል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ውጭ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዓመታዊ ወጪ በበጀቱ ላይ ይቀመጣል። ለምን እንደወጣም በሥራ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። «መስመሩን ስላበላሸ» ምክንያት አይደለም፤ «በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ፣ ከሰኔ ሰዓት ጋር የማይያያዝ ጥገና» ግን ምክንያት ነው። ምክንያቱን በዚህ መልክ መጻፍ ያልቻላችሁበትን ወጪ እዚያው ተዉት።

## R² ከፍ ካለ ውጤቱ ትክክል ነው ማለት ነው?

R² የኦቨርሄዱ መዋዠቅ ምን ያህሉ ከማሽን ሰዓቱ መዋዠቅ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ይለካል። ባልታረመው መረጃ 0.22 ገደማ ነበር፤ ከታረመ በኋላ 0.96 ገደማ ሆኗል። በዚህ ምሳሌ R² ጥሩ ምስክር ሆኖልናል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ተቃራኒውን ያሳያል።

## ጳጉሜንን እንደ አሥራ ሦስተኛ ወር ልቁጠረው?

ይህ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሂሳብ በሚይዙ ድርጅቶች የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥም መልስ አይገኝለትም። በምሳሌያችን ከነሐሴው 560 ሰዓት 80ው፣ ከ316,000 ብሩም 24,000ው የጳጉሜን አምስት ቀናት ነው እንበል። በጳጉሜን ማሽኑ ይሠራል፣ መብራትና ቅባት ይፈጃል፤ ወርኃዊ ደመወዝና የወር እርጅና ተቀናሽ ግን ለብቻው አይመዘገብበትም። የሰኔ ጥገና በወጣለት በታረመው መረጃ ጳጉሜንን አንድ ነጥብ፣ ነሐሴንም ሌላ ነጥብ አድርገን በአሥራ ሦስት ነጥቦች ስናሰላ የሰዓት ተመኑ 567 ብር ገደማ፣ ቋሚው ወጪ 19,700 ብር ገደማ ይወጣል።

ሁለቱም ቁጥሮች ስሕተት ናቸው፤ R² ግን 0.90 ነው። ምክንያቱ ከላይ እንዳየነው የቦታ ጉዳይ ነው። ሌሎቹ ወራት በሙሉ ከ380 እስከ 600 ሰዓት ባለው ክልል ተሰብስበው ሳለ፣ ጳጉሜን ብቻዋን በ80 ሰዓት ላይ ቆማ የመስመሩን አንድ ጫፍ ወደ ራሷ ትስባለች። ሁለት ራቅ ራቅ ያሉ ስብስቦችን የሚያገናኝ መስመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ R²ን ከፍ ያደርጋል። ስሕተቱ የሚጋለጠው ልዩነቶቹ ሲታዩ ነው፤ ይህ መስመር ሐምሌን 43,000 ብር ገደማ አሳንሶ፣ መጋቢትን ደግሞ 31,000 ብር ገደማ አጋንኖ ይገምታል።

ስለዚህ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር መደመር ይሻላል፤ ሰዓቱም ወጪውም አብሮ ይደመር። ሰዓቱን ከምርት ክፍል በሠላሳ ቀን፣ ወጪውን ከሌጀር በሠላሳ አምስት ቀን መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው። በስድስት ቀን ጳጉሜን ዓመትም አሠራሩ ያው ነው።

## የመብራት ቢል በሚቀጥለው ወር ከተመዘገበስ?

የታኅሣሥ መብራት ቢሉ ሲደርስ በጥር ከተመዘገበ፣ ከማሽን ሰዓት ጋር በጣም የሚተሳሰረው ወጪ ከራሱ ሰዓት ተነጥሎ ከሌላ ወር ሰዓት ጋር ይጣመራል። ውጤቱ እንደ ሰኔው ጥገና ጎልቶ አይታይም፤ አንድ ነጥብ አይርቅም፣ ሁሉም ግን ትንሽ ትንሽ ይበተናሉ። ተለዋዋጩ ተመን በአብዛኛው ይቀንሳል፣ ቋሚው ይጨምራል። ምልክቱን ለማግኘት ልዩነቶቹን በወር ቅደም ተከተል ጻፏቸው። ብዙ ሥራ ከነበረበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር ደጋግሞ ከመስመሩ በላይ፣ ከቀዝቃዛ ወር ቀጥሎ ያለው ደግሞ በታች ከሆነ፣ የምዝገባ መዘግየት አለ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቆጣሪውን በወሩ የመጨረሻ ቀን ማንበብና ወጪውን በዚያ ንባብ መሠረት በወሩ መያዝ ነው። ያለፈውን መረጃ ለማረም ደግሞ ቢሎቹ ላይ የተጻፈውን የንባብ ቀን መሠረት አድርጎ ወጪውን ወደ ትክክለኛው ወር መመለስ ይበቃል። ቅባትና መለዋወጫም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በርሜሉ ከመጋዘን በወጣበት ወር ሙሉ ዋጋው ኦቨርሄድ ሆኖ ከተመዘገበና ሦስት ወር ካገለገለ፣ ችግሩ ያው ነው።

## ስንት ወር መረጃ ይበቃል? የሦስትና የአራት ዓመት መረጃ አይሻልም?

አሥራ ሁለት ወር ዝቅተኛ ሊባል የሚችል ግን የሚያሠራ መጠን ነው። የወራቱን ቁጥር መጨመር ጥሩ የሚሆነው ማሽኖቹ፣ የፈረቃው አሠራርና ዋጋው ሳይለወጡ ከቆዩ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ፋብሪካ ቁልፉ ዋጋው ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባ ቅባትና መለዋወጫ የሚጠቀም ድርጅት ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን መረጃ በአንድ መስመር ቢያስኬድ የሰዓት ተመኑ የሁለት የዋጋ ዘመኖች ቅልቅል ይሆንበታል።

ይህም ቢሆን በልዩነቶቹ ላይ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉ ከመስመሩ በታች፣ የመጨረሻዎቹ ሁሉ በላይ ከሆኑ ጊዜ ራሱ ወጪውን እየገፋው ነው። ሁለት አማራጭ አለ፤ የቀድሞዎቹን ወራት መተው፣ ወይም የየወሩን ፍጆታ በሊትርና በኪሎዋት ሰዓት ወስዶ በአሁኑ ዋጋ እንደገና ማስላት። ሁለተኛው አድካሚ ቢሆንም እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ የወራቱን ቁጥር ሳይቀንስ ችግሩን ከምንጩ ያርማልና።

## ሃይ-ሎው ዘዴ ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን ይህን ሁሉ እንደክማለን?

ሃይ-ሎው ከፍተኛና ዝቅተኛ የማሽን ሰዓት ያላቸውን ሁለት ወራት ብቻ ይወስዳል። በምሳሌያችን መጋቢትና ሐምሌ ናቸው፤ የ51,000 ብር ልዩነት ለ220 ሰዓት ሲካፈል 232 ብር ገደማ ይሆናል፣ ቋሚውም 189,900 ብር ገደማ። በእውነት ለመናገር ይህ ካልታረመው ሪግረሽን 125 ብር እጅግ የተሻለ ነው፤ ሰኔን ጨርሶ ስለማይነካ ከጥገናው አምልጧል። ማምለጡ ግን በአጋጣሚ ነው። ጥገናው በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ሃይ-ሎው ዘዴ ተመኑን ከዜሮ በታች ያወጣው ነበር። ሁለት ወራት ብቻ የያዘ ስሌት የትኛው ነጥብ እንደተሳሳተ የሚያሳይ ሌላ ነጥብ የለውም፤ ሪግረሽን ግን ከነስሕተቱ አሥራ ሁለት ልዩነቶችን ያስቀምጥልናል።

## በኤክሴል ስሠራ ምን ልጠንቀቅ?

ሰዓቱ በB፣ ኦቨርሄዱ በC አምድ ከሆነ ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
=SLOPE(C2:C13,B2:B13)
=INTERCEPT(C2:C13,B2:B13)
=RSQ(C2:C13,B2:B13)
=STEYX(C2:C13,B2:B13)
```

ኦቨርሄዱ መጀመሪያ፣ ሰዓቱ ቀጥሎ ነው የሚገባው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኤክሴል አይቃወምም፤ በታረመው መረጃ ኦቨርሄዱ በብር ከተጻፈ ተመኑን 0.0038፣ ቋሚውን −669 ብሎ ይመልሳል፤ 0.0038ውም በአንድ ብር የሚገኝ ሰዓት ነው። R² ግን ቢገለበጥም ባይገለበጥም ያው ስለሆነ ስሕተቱን አይጠቁምም። ከቀመሮቹ በፊት ነጥቦቹን በስካተር ቻርት መሣል ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሰኔን አንድ ጊዜ በሥዕል ያየ ሰው ለማግኘት ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

## 180,000 ብሩ ፋብሪካው ቢቆም የሚከፈለው ወጪ ነው?

አይደለም። በመረጃው ውስጥ ከ380 ሰዓት በታች የሠራ ወር የለም፤ መስመሩ ከዚያ እስከ ዜሮ ያለውን መንገድ የሚሄደው በግምት ነው። ፋብሪካው ለወራት ቢዘጋ የጥበቃ ቁጥር ይቀየራል፣ አንዳንድ ሱፐርቫይዘሮች ይሰናበታሉ፣ የጥገና ውል ይቋረጣል። 180,000 ብሩ ከ380 እስከ 600 ሰዓት ባለው ክልል ውስጥ መስመሩን በትክክለኛው ከፍታ ላይ የሚያስቀምጥ ቁጥር ነው። ግምቱ ራሱም ሰፊ ነው፤ በ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ሲሰላ ከ161,500 እስከ 198,500 ብር ገደማ ይደርሳል።

## ውጤቱን በበጀትና በዋጋ ላይ እንዴት ልጠቀምበት?

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ወር 550 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ከታቀደ ግምቱ 180,000 ሲደመር 550 ጊዜ 250፣ ማለትም 317,500 ብር ነው። ከመስመሩ ዙሪያ ያለው መደበኛ ስሕተት 4,000 ብር ገደማ ስለሆነ፣ ለአንድ ነጠላ ወር የ95 በመቶው ክልል ወደ 9,400 ብር ወዲህና ወዲያ ይሰፋል። የወሩ ወጪ 324,000 ቢመጣ ሱፐርቫይዘሩን መጥራት አያስፈልግም፤ 335,000 ቢመጣ ግን ቫውቸሮቹን መክፈት ይገባል።

ለዓመቱ 6,300 ሰዓት ከታቀደ ቋሚው 2,160,000፣ ተለዋዋጩ 1,575,000፣ ጥገናው 73,000፣ በድምሩ 3,808,000 ብር ይሆናል። የሚገርመው ያልታረመው መስመርም 3,770,500 ብር በማለት ብዙ አይርቅም፤ ዓመታዊ በጀት ብቻ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን ላያየው ይችላል። የሚጎዳው ዋጋ ሲወጣ ነው። አንድ ደንበኛ 60 የማሽን ሰዓት የሚፈጅ ልዩ ትእዛዝ በቅናሽ ዋጋ ቢጠይቅ፣ ያልታረመው መስመር ተጨማሪው ኦቨርሄድ 7,500 ብር ነው ይላል፤ የታረመው 15,000 ብር ይላል። የታረመው ተመን የመተማመኛ ክልል ከ213 እስከ 287 ብር ስለሆነ የትእዛዙ ኦቨርሄድ ከ12,800 እስከ 17,200 ብር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ 7,500 ብር ከዚህ ክልል በእጅጉ በታች ነው።

ትእዛዙ የሚሠራበት ወርም መታየት አለበት። በሰኔ ከሆነ 400 ላይ 60 ተደምሮ 460 ሰዓት በክልሉ ውስጥ ነው፤ በመጋቢት ከሆነ ግን 660 ሰዓት ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ፋብሪካው ሠርቶ ስለማያውቅ የትርፍ ሰዓት ክፍያውና ተጨማሪው ፈረቃ በሪግረሽኑ ሳይሆን ከምርት ኃላፊው ጋር ተቀምጦ በዝርዝር ይሰላል።